የጋራ ፎቶ ከመለጠፍ በፊት ፈቃድ እንዴት ይጠየቃል? ጓደኛ «አጥፊልኝ» ሲልስ?

ስምንት ጓደኛሞች ቅዳሜን አብረው ዋሉ እንበል። ከመካከላቸው አንዷ በስልኳ ብዙ ፎቶ አነሳች። ማታ አምስቱን መርጣ በፌስቡክና በኢንስታግራም ገጿ ለጠፈች፤ የጓደኞቿንም ስም ታግ አደረገች። እነዚያኑ ፎቶዎች በጋራ ወደሚጻጻፉበት የዋትስአፕ ግሩፕም ላከች። እሑድ ጠዋት ከስምንቱ አንዱ ለብቻዋ እንዲህ ሲል ጻፈላት፦ «ሦስተኛዋን ፎቶ ብታጠፊልኝ ደስ ይለኛል።»

እንዲህ ያለ መልእክት የደረሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ቀጥሎ ደግሞ ትንሽ ቅር ይለዋል። «ስናነሳው ፈገግ ብሎ ቆሞ አልነበር? አሁን ምን ተገኘ?» ይላል። ጠያቂው በበኩሉ መልእክቱን ከመላኩ በፊት ብዙ ሲያወጣና ሲያወርድ አድሯል። በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው መቀያየም ከክፋት የሚመነጭ አይደለም። ፎቶ ከተለጠፈ በኋላ ወዴት እንደሚሄድና ማጥፋት ምን ያህል እንደሚያጠፋ በግልጽ ካለማወቅ የሚመጣ ነው። የስምንቱን ጓደኛሞች ምሳሌ እየተከተልን ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ለፎቶ ቆሞ ፈገግ ያለ ሰው ፈቅዷል ማለት አይደለም?

ለመነሳት ፈቅዷል። መለጠፍ ግን ሌላ ድርጊት ነው፤ ልዩነቱም ተመልካቹ ላይ ነው። ካሜራው ፊት ሲቆም ፎቶውን ማን እንደሚያየው ያውቅ ነበር፤ አብረውት የዋሉት ሰባት ሰዎች ናቸው። ፈገግታውም ለእነርሱ ነበር። ከተለጠፈ በኋላ ግን ማን እንደሚያየው እርሱ ቀርቶ የለጠፈችውም በትክክል አታውቅም።

እዚህ ላይ ታግ ማድረግ የሚሠራውን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ፌስቡክ ላይ «ጓደኞቼ ብቻ ይዩት» ተብሎ የተለጠፈ ፎቶ ላይ ሰው ታግ ሲደረግ፣ በተለመደው አሠራር የዚያ ሰው ጓደኞችም ተመልካች ይሆናሉ። ለጣፊዋ 400 ጓደኞች ቢኖሯትና ታግ ያደረገቻቸው ሰባቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው 300 ቢኖሯቸው፣ የሚደጋገሙትን ሳንቀንስ ፎቶው ወደ 2,500 ለሚጠጉ ሰዎች ተከፍቷል ማለት ነው። ለጣፊዋ የመረጠቻቸው ግን 400ዎቹን ብቻ ነበር። ስለዚህ «ገጼ እኮ ዝግ ነው» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ ሰዎች የሚያስቡትን ያህል ዋስትና አይሰጥም። የአንዱ ጓደኛ አለቃ፣ የሌላዋ የቀድሞ ፍቅረኛ፣ የሦስተኛው አክስት ሁሉም ከዚያ ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ።

ፎቶው የሚናገረውም ስለ ፊት ብቻ አይደለም። ማን ከማን ጋር እንደነበረ፣ የት እንደነበሩ፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ ይናገራል። የቀድሞ የትዳር አጋሯ እየተከታተለ የሚያስቸግራት ሴት የምትውልበት ቦታ እንዳይታወቅ ትፈልጋለች። በሕመም ፈቃድ ላይ ያለ ሰው ሐኪሙ «ወጣ ብለህ ተናፈስ» ቢለውም መሥሪያ ቤቱ ፎቶውን በሌላ ዓይን ሊያየው ይችላል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው አንድ ቀን ከሰው ጋር ስቆ መዋሉ እንዲወራ ላይፈልግ ይችላል። እነዚህ ሁሉ ባይኖሩም እንኳ «መልኬን አልወደድኩትም» ማለት በራሱ በቂ ምክንያት ነው። ሰው ራሱን ለሌላው የሚያሳይበትን መንገድ የመምረጥ ፍላጎቱ ትንሽ ነገር አይደለም።

ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ታዲያ የእኔ አይደለም?

ሁለት የተለያዩ መብቶች እዚህ ላይ ይደባለቃሉ። አንዱ የቅጂ መብት ነው፤ ይህ በአብዛኛው አገር የፎቶ አንሺው ነው። ሌላ ሰው ፎቶውን ወስዶ እንዳይሸጠው ወይም የራሱ እንዳያስመስለው የሚከለክለው ይህ መብት ነው። ሁለተኛው ሰው በገዛ ምስሉ ላይ ያለው መብት ሲሆን የሚገኘውም በፎቶው ውስጥ ባለው ሰው እጅ ነው። አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ፎቶው የአንሺው፣ ምስሉ የተነሺው ሊሆን ይችላል።

የሁለተኛው መብት ስፋት ከአገር አገር ይለያያል። የሕግ ጉዳይ እስከመሆን ሊደርስ እንደሚችል ግን አንድ የኔዘርላንድስ ጉዳይ በደንብ ያሳያል። አንዲት አያት የልጅ ልጆቿን ፎቶ በፌስቡክና በፒንተረስት ለጥፋ ነበር። የልጆቹ እናት፣ የገዛ ልጇ ማለት ነው፣ ደጋግማ እንድታጠፋ ብትጠይቃትም እሺ አላለችም፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2020 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ፍርድ ቤቱ ፎቶዎቹን በ10 ቀን ውስጥ እንድታጠፋ፣ ካላጠፋች ደግሞ በየቀኑ 50 ዩሮ፣ በጠቅላላው እስከ 1,000 ዩሮ እንድትከፍል ወሰነ። የአውሮፓ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ለቤተሰብና ለግል ሕይወት ጉዳዮች ነፃነት ይሰጣል። ሆኖም ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የወጣ ፎቶ ከቤተሰቡ ውጪ ባሉ ሰዎች እጅ ላለመግባቱ ማረጋገጫ ባለመኖሩ፣ ዳኛው አያቲቱ በዚያ ነፃነት ልትጠቀም እንደማትችል ወሰኑ።

እኔን በዚህ ታሪክ የሚያሳዝነኝ ገንዘቡ አይደለም። እናትና ልጅ በአንድ «እሺ» ሊያልቅ በሚችል ነገር ዳኛ ፊት መቆማቸው ነው።

ታዲያ ፈቃድ እንዴት ይጠየቃል?

ቀላሉ ጊዜ ፎቶው ከመነሳቱ በፊት ያለው ጥቂት ሰከንድ ነው። «ይህን ፌስቡክ ላይ ልለጥፈው አስቤያለሁ፤ የማይፈልግ አለ?» ብሎ ጮክ ብሎ መናገር ይበቃል። የማይፈልግ ሰው ካለ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ሁለት ጊዜ ማንሳት ነው፤ አንዱ ሁሉም ያሉበት ለማስታወሻ፣ ሌላው እርሱ የሌለበት ለመለጠፍ። ሁለተኛው የማይፈልገውን ሰው ከዳር ማቆም ነው። ከዳር የቆመ ሰው ፎቶው ሲቆረጥ በቀላሉ ይወጣል፤ መካከል ላይ በሁለት ሰው ትከሻ ተይዞ የቆመን ሰው ግን ፎቶውን ሳያበላሹ ማውጣት ከባድ ነው።

ይህ ካለፈ የሚቀረው በመልእክት መጠየቅ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ጥያቄውን በጣም ሰፊ በማድረግ ነው። «የቅዳሜውን ፎቶ ልለጥፍ?» ሲባል ሰው የሚፈቅደው በሐሳቡ የሳለውን ፎቶ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፍቶ የታየበትን ፎቶ አይደለም። ስለዚህ ፎቶዎቹ ራሳቸው ይታዩ። የት እንደሚለጠፉና ማን እንደሚያያቸው፣ ስም ታግ መደረግ አለመደረጉም ይነገር። ለምሳሌ እንዲህ፦

«እነዚህን አምስት ፎቶዎች ነገ ማታ በፌስቡክና በኢንስታግራም ልለጥፍ ነው። ኢንስታግራሜ ለሁሉም ክፍት ነው። ስም ታግ አላደርግም። አንዷንም ቢሆን የማይፈልግ ሰው ለብቻዬ ይጻፍልኝ፤ ምክንያት አያስፈልግም።»

ከዚህ መልእክት ውስጥ ዋናው «ለብቻዬ ይጻፍልኝ» የሚለው ነው። ስድስት ሰዎች አውራ ጣትና ልብ ባስቀመጡበት ግሩፕ ውስጥ ሰባተኛው ሰው በሁሉም ፊት «እኔ አልፈልግም» ለማለት ድፍረት ይጠይቀዋል። ደስታ አበላሽ እንዳይባል ዝም ይላል። በግል የሚመልስበት በር ሲከፈትለት ግን እውነተኛውን ይናገራል። «ነገ ማታ» መባሉም ፋይዳ አለው፤ ለማየትና ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል። ፎቶው ሰዎቹ ገና እዚያው ቦታ ሳሉ ከወጣ ደግሞ አሁን የት እንዳሉ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ይነግራል።

ዝም ያለ ሰው እንደፈቀደ አይቆጠርም። ምናልባት ስልኩን አላየም፤ ምናልባት እንዴት እንደሚመልስ ጨንቆታል። መልስ ካልመጣ እርሱ የሌለበትን ፎቶ መምረጥ ነው። ፎቶው ላይ ሕፃን ካለ ደግሞ የሚጠየቁት ወላጆቹ ናቸው፤ ነገሩን ለመረዳት የደረሰ ልጅ ከሆነ ራሱም ይጠየቃል።

አንዴ የተሰጠ ፈቃድ የራሱ ወሰን እንዳለውም መዘንጋት የለበትም። ለዋትስአፕ ግሩፑ «እሺ» ያለ ሰው ለኢንስታግራም «እሺ» አላለም። ዛሬ የፈቀደ ሰውም ሕይወቱ ሲለወጥ ነገ ሊከለክል ይችላል።

«አጥፊልኝ» ሲባል መጀመሪያ ምን ይመለሳል?

ወደ እሑድ ጠዋቱ መልእክት እንመለስ። ለጣፊዋ ልትመልሳቸው ከምትችላቸው መልሶች ሦስቱ በጣም የተለመዱ ናቸው፦ «አምሮብህ እኮ ነው!»፣ «ሌሎቹ ምንም አላሉም»፣ «ለምን? ምን ሆነሃል?» ሦስቱም በፍቅር ሊባሉ ይችላሉ፤ ሦስቱም ግን ጠያቂውን ክርክር ውስጥ ያስገቡታል። በተለይ «ለምን?» የሚለው ከባድ ነው። እውነተኛው ምክንያት ሊነገር የማይችል ከሆነ፣ ሰውየው ያለው ምርጫ መዋሸት ወይም ጥያቄውን መተው ብቻ ይሆናል። ብዙዎች ይተዉታል፤ ፎቶውም እንዳለ ይቆያል።

የሚሻለው መልስ አጭር ነው፦ «እሺ፣ አሁኑኑ አጠፋታለሁ። ሌላ የማትፈልጋት አለች?» ሁለተኛው ጥያቄ አስፈላጊ ነው፤ ምክንያቱም ጠያቂው አስቸጋሪ ላለመባል አንዷን ብቻ ጠቅሶ ሌላዋን ዝም ብሎ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ፎቶዋ ከሆነ ወይም ስሙ ታግ መደረጉ ከሆነም በዚህ አጋጣሚ ይነግራታል። ይህ ሁሉ የሚጠየቀው ግን ፎቶዋ ከእይታ ከወጣች በኋላ ነው። እየተወያዩ ሳለ እንኳ ሰው እያያት ነው።

ጊዜው ማታ ሆኖ ወይም ሥራ ላይ ተይዘው ፎቶውን ለመለየት ካልተመቸ፣ ጊዜያዊ መፍትሔ አለ። ኢንስታግራም ላይ «Archive» የሚለው ምርጫ የተለጠፈውን ሁሉ ከሌሎች እይታ ይሰውራል፤ የተሰጡት አስተያየቶችም አይጠፉም። ፌስቡክ ላይ ተመልካቹን «Only me» ወደሚለው መቀየርና ታጎቹን ማስወገድ ይቻላል። ሁለቱም ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይፈጁም።

አንድ ጊዜ ማጥፋት ከሁሉም ቦታ ያጠፋዋል?

አያጠፋም፤ አለመግባባቱ የሚበረታውም እዚህ ላይ ነው። የፎቶ ስርጭት በሁለት ዓይነት መንገድ ይሄዳል። አንዱ ወደ ዋናው ቦታ የሚጠቁም ብቻ ነው፤ ሌላው ለሰው በእጁ ፎቶ ኮፒ እንደመስጠት ነው። ፌስቡክ ላይ ሰዎች «ሼር» ያደረጉት የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ለጣፊዋ ዋናውን ስታጠፋ በእነርሱም ገጽ ላይ ፎቶው አይታይም። ቴሌግራም ላይ ወደ ሌላ ሰው የተላለፈ መልእክት ግን የሁለተኛው ዓይነት ነው፤ የመጀመሪያው ላኪ የራሱን ቢያጠፋም የተላለፈው በተቀባዩ ዘንድ ይቆያል። ስልክ ላይ የተቀመጠና በስክሪንሾት የተወሰደም እንዲሁ።

ለጣፊዋ እንግዲህ ሦስት ቦታ መሄድ አለባት። ኢንስታግራም ላይ በአንድ ላይ ከለጠፈቻቸው አምስት ፎቶዎች ሦስተኛዋን ብቻ ለይታ ማጥፋት ትችላለች፤ ሌሎቹ አራቱ ከነአስተያየታቸው ይቀራሉ። ፌስቡክ ላይም ፎቶዋን ለብቻዋ ከፍቶ ማጥፋት ይቻላል። እዚህ ላይ ታጉን ብቻ ማስወገድ አይበቃም፤ ታግ ሲወገድ ፎቶው ከሰውየው ስም ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል እንጂ ፎቶው ራሱ ባለበት ይቆያል። መተግበሪያዎቹ የጠፋውን ወዲያው ጨርሰው ላይደመስሱት ይችላሉ። እስከ 30 ቀን ድረስ ለጣፊዋ ብቻ በምታየው የጠፉ ነገሮች ማኅደር ውስጥ ሊያቆዩት ይችላሉ፤ እዚያም ካለ ገብታ ለዘለቄታው ልታጠፋው ትችላለች።

ሦስተኛው ቦታ የዋትስአፕ ግሩፑ ነው። የተላከን መልእክት «Delete for everyone» በሚለው ከሁሉም ዘንድ ማጥፋት የሚቻለው ከተላከ ከሁለት ቀን ትንሽ እስኪያልፍ ድረስ ነው። ቅዳሜ ማታ ለተላከው ፎቶ እሑድ ጠዋት ገና ጊዜ አለ፤ ጥያቄው ማክሰኞ ማታ ቢመጣ ግን ዕድሉ አልፎ ነበር። «ነገ አየዋለሁ» ማለት ጉዳት የሚኖረውም ለዚህ ነው። በሰዓቱ ቢጠፋም ፎቶ በራሱ እየወረደ ጋለሪ ውስጥ እንዲቀመጥ ያደረጉ ጓደኞች ስልክ ላይ ቅጂው ሊቀር ይችላል። እዚያ የሚደርሰው የሰው ቃል ብቻ ነው፦

«ሦስተኛዋን ፎቶ ከገጼም ከዚህም አጥፍቻታለሁ። ስልካችሁ ላይ ካለች አጥፏት፤ ለሌላ ሰው እንዳትልኳት አደራ።»

ጠያቂው ማን እንደሆነ እዚህ መልእክት ላይ አልተጻፈም። ይህ ሆን ተብሎ ነው። ስሙ ከተጠቀሰ ሊሸሸው የፈለገው «ለምን?» አሁን ከስድስት ሰው ይመጣበታል፤ ፎቶዋም ያልነበራትን ትኩረት ታገኛለች።

ከዚያ ማረጋገጥ ይቀራል። ለጣፊዋ የራሷን ስልክ ማየቷ አይበቃም። የጋራ ጓደኛ ከራሱ ስልክ ገጿን ከፍቶ ይይላት፤ ገጿ ለሁሉም ክፍት ከነበረ ደግሞ የፎቶዋን አድራሻ ወደ መለያዋ ሳትገባ በኢንተርኔት ማሰሻ ትክፈተው። ክፍት የነበረ ፎቶ በጉግል የምስል ፍለጋ ውስጥ ትንሽ ምስሉ ለተወሰነ ጊዜ ሊቀር ይችላል፤ ጉግል ጊዜው ያለፈበት ውጤት እንዲታደስ የሚጠየቅበት ቅጽ አለው። በመጨረሻ ለጓደኛዋ ያደረገችውንም ያልቻለችውንም ትጻፍለት፦ «ከፌስቡክ፣ ከኢንስታግራምና ከግሩፑ ጠፍታለች። አንድ ሰው ቀድሞ አስቀምጧት ከሆነ ግን እኔ ማወቅ አልችልም።» ይህን ሐቅ መስማት «ሁሉም ጠፍቷል» ከሚል ባዶ ማጽናኛ ይሻለዋል፤ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል።

ፊቱን ብቻ ብሸፍነውስ?

ጓደኛው ከተስማማ ይቻላል፤ ሳይጠይቁት ግን መፍትሔ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። የሚያውቁት ሰዎች በልብሱ፣ በቁመቱ፣ በአቋቋሙና አብረውት ባሉት ሰዎች ይለዩታል። በስምንት ሰው መካከል ፊቱ የተሸፈነ አንድ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው እርሱ ነው። በስልክ ላይ ያለው የቀለም ብዕርም ያታልላል፤ አንዳንዱ ብዕር ጥቁር ቢመስልም በከፊል የሚያሳልፍ ነው፤ የፎቶው ብርሃን ሲጨመር ከሥሩ ያለው ፊት ይወጣል። መሸፈን ካስፈለገ ሙሉ በሙሉ የማያሳልፍ ቅርጽ ይቀመጥ። ኢንስታግራም ላይ የተለወጠውን ፎቶ በአሮጌው ቦታ መተካት ስለማይቻል አሮጌውን አጥፍቶ እንደ አዲስ መለጠፍ ያስፈልጋል። ሰውየው ከዳር ከሆነ መቁረጥ ከመሸፈን ይሻላል።

ሌሎቹ ፎቶው እንዲቆይ ቢፈልጉስ?

ይህ በድምፅ ብልጫ የሚወሰን አይመስለኝም። ፎቶው ከገጽ ሲጠፋ ሌሎቹ የሚያጡት ትንሽ ነው፤ ትዝታውም ፎቶውም በየስልካቸው አለ፤ ሌሎች አራት ፎቶዎችም ተለጥፈዋል። ፎቶው ሲቆይ ግን ያ አንድ ሰው የሚያጣውን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው። ለጣፊዋ ለሌሎቹ «ያቺን ፎቶ ያልወደዳት ሰው አለ» ብላ ማለፍ ትችላለች፤ ዝርዝር መስጠት የለባትም።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ፎቶዋ አሁንም በለጣፊዋ ስልክ ውስጥ ናት፤ ይህ በራሱ ችግር የለውም። ነገር ግን በርካታ የፎቶ መተግበሪያዎች ከዓመት በኋላ «የዛሬ ዓመት በዚህ ቀን» እያሉ የቆዩ ፎቶዎችን ያወጣሉ፤ በአንድ ጣት ንኪም እንደገና እንዲለጠፉ ይጋብዛሉ። ያን ጊዜ የእሑዱ መልእክት ከአእምሮዋ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። አብዛኞቹ መተግበሪያዎች ከፎቶው ጋር ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ አላቸው፤ «አይለጠፍም» ብላ እዚያው ትጻፍበት፣ ወይም ለብቻ በተለየ አልበም ታስቀምጣት።